እኔ ፊልም አያለሁ እንጂ አላነብም

ሰብታይትል የማይወድ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእኛ ቤተሰብ ብቻ ለዚህ ማዕረግ የሚወዳደሩ ሞልተዋል። አንደኛነቱን ማንም የማይቀማው ግን የታናሽ እህቴ ባል ነው። ሰውየው የሒሳብ ባለሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝና ቫውቸር ሲያገላብጥ ይውላል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ካወለቀ በኋላ የሚያነበው ነገር ካለ የመብራት ቆጣሪው ብቻ ነው። የውጭ ፊልም ባነሳሁ ቁጥር መልሱ ያው ነው። «ጋሼ፣ ሳነብ መዋሌ አይበቃኝም? እኔ ፊልም አያለሁ እንጂ አላነብም።»

አነጋገሩ ደስ ይላል፤ ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው። ይህ ሰው ዲሽ ከተከለ ጀምሮ ኤምቢሲ ቱ ላይ ተተክሎ የኖረ ነው። ጣቢያው የሆሊውድን ፊልም የሚያሳየው ከሥሩ ዓረብኛ ጽፎ እንደሆነ ያየ ሁሉ ያውቃል። አማቼ ከዓረብኛ ፊደል አንዷን እንኳ ለይቶ አያውቅም። እንዲያም ሆኖ ስንት ጥይት ሲተኮስ፣ ስንት መኪና ሲገለበጥ፣ ያ ጽሑፍ ከሥር እየመጣ ሲሄድ «ይህ ነገር ረበሸኝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። እንግዲህ ጽሑፍ መኖሩ አይደለም የሚያስከፋው ማለት ነው።

ማንበቡም ቢሆን እንደሚያስበው ጉልበት አይጨርስም። በቤልጅየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዤሪ ዲደዋል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የፊልም ተመልካቾችን የዓይን እንቅስቃሴ ለዓመታት በመሣሪያ ሲከታተሉ፣ ሰዎች የሚነገረውን ቋንቋ አሳምረው እያወቁ እንኳ ዓይናቸው ወደ ጽሑፉ እንደሚወርድ አይተዋል። ዓይን ጽሑፍ ካየ ባለቤቱን አያስፈቅድም።

ታዲያ አማቼን የሚያስቀይመው ምንድን ነው? ይህን የገለጠልኝ እሱ ሳይሆን ሚስቱ ናት። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት ጀምሮ የቱርኩን ድራማ በአማርኛ ሲያናግረው፣ እህቴ ተከታታዩን ከኩሽና ሆና ነበር የምትከታተለው። ሽንኩርት እየከተፈች ማን ማንን እንደከዳ ታውቃለች። ወጡን እያማሰለች «አንቺ ምን አይነት ሴት ነሽ!» ብላ ወደ ሳሎን ትጮኻለች። ተዋናይቱን በመልክ ብታገኛት ግን የምትለያት አይመስለኝም። በአብዛኛው ቤታችን ቴሌቪዥን የሚታይ ሳይሆን የሚደመጥ ዕቃ ነው። ቡና ሲፈላ፣ ልጅ ሲታጠብ፣ ስልክ ሲነካካ ይደመጣል። ሰብታይትል ያለው ፊልም ግን ይህን ነፃነት ይነፍጋል። ዞር ያለ ያመልጠዋል። ለአማቼ ደግሞ ዋናው ፈተና እራቱ ነው። እንጀራ በእጅ የሚበላ ሰው ለእያንዳንዱ ጉርሻ ዓይኑን ወደ ትሪው መላክ ግዴታው ነው፤ በጎረሰ ቁጥር አንድ መስመር ይቀርበታል። ከአሥር ጉርሻ በኋላ ገዳዩ ማን እንደሆነ የማያውቀው እሱ ብቻ ይሆናል። ያኔ «ማንበብ አልወድም» ይላል። «እየበላሁ ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም» ማለት ለአንድ የሒሳብ ሹም ክብር አይመጥንማ።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚመረጠው የመጀመሪያ ፊልም ዞር ብሎ ለሚመለስ ይቅርታ የሚያደርግ ፊልም ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን ፊልም መፈለግ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም ሁለቱን ሲያምታታ ነው። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲኒማ አዋቂ ከሆነ ወዲህ ለአባቱ ያቀረበው ዝርዝር የዚህ ስህተት ማሳያ ነበር። በመጀመሪያ የጃፓኑን «ሰባቱ ሳሙራይ» አመጣ፤ ርዝመቱ 207 ደቂቃ ነው። ግሩም ፊልም ነው፤ አማቼ ግን ከሦስቱ ሳሙራይ በኋላ ተኝቷል። ቀጥሎ የኮሪያውን «ፓራሳይት» አለ። ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ በኦስካር የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ በመሸለም የመጀመሪያው ስለሆነ ሁሉም ለጀማሪ የሚያዝዘው እሱን ነው። እኔ አልስማማም። ሁለት ቤተሰብ ሙሉ ሰው እየተቀባበለ ያወራል፣ ይዋሻል፣ ይቀልዳል፤ ቀልዱም ያለው ንግግሩ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት ከ12 ደቂቃ እንዲህ ይቀጥላል። ሦስተኛው ምርጫ የኢራኑ የአስጋር ፋርሃዲ «መለያየት» ነበር። እሱ ደግሞ የሚጀምረው ባልና ሚስት ካሜራውን እንደ ዳኛ ፊት ለፊት እያዩ፣ ፋታ ሳይሰጣጡ ሲከራከሩ ነው። ገና ፊልሙ ሳይጀመር ሁለት መስመር፣ ሁለት መስመር፣ ሁለት መስመር። ለአማቼ ይህ የኦዲት ሪፖርት ነው።

እዚህ ላይ ስለ መስመሮቹ ጥቂት ማለት አለብኝ። ሰብታይትል የሚሠሩ ባለሙያዎች የቆየ ልማድ አላቸው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይወጣም። በላቲን ፊደል ከሆነ አንዱ መስመር ከ40 ፊደል እምብዛም አያልፍም። ሁለቱም መስመሮች ሙሉ ከሆኑ ስድስት ሰከንድ ያህል ይቆያሉ። ስድስት ሰከንድ አልፎ አልፎ ሲመጣ ማንም ይወጣዋል። በእኛ አገር ግን የአማርኛ ሰብታይትል ያለው የውጭ ፊልም እንደልብ ስለማይገኝ፣ የሚነበበው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። አማቼ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ግን የሚያውቀው እንግሊዝኛ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀውን ነው፤ እየሸሸ ያለውን አይደለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በመስመሮቹ መካከል ዓይን የሚያርፍበት ክፍተት አለ ወይ የሚለው ነው።

ይህን ለማወቅ ፊልሙን በሙሉ ማየት አያስፈልግም። ከመካከሉ አሥር ደቂቃ መርጦ የስክሪኑን ታችኛ ክፍል በካርቶን መሸፈን ይበቃል። ቋንቋውን ሳታውቁ ማን ምን እንደፈለገና ምን እንደከለከለው ከገባችሁ ፊልሙ አለፈ። ካልገባችሁ ግን፣ ስንት ሽልማት ቢደረድርም፣ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ቀን ይቆይ። ሰብታይትሉን «.srt» በሚል ፋይል ካገኛችሁት ደግሞ በኖትፓድ ከፍታችሁ መጨረሻው ድረስ ውረዱ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ተራ ቁጥር ስላለው የመጨረሻው ቁጥር የጽሑፉን ብዛት ይነግራችኋል። ወሬ የሚበዛበት ፊልም ከሺህ ያልፋል። ዝምተኛው ፊልም ከዚያ በብዙ ያንሳል። አማቼ ይህን ብልሃት ሲሰማ መጀመሪያ ያለው «ይኼማ ቆጠራ ነው» ነው። ደስ አለው መሰለኝ።

በካርቶኑ ፈተና ያለፈውና አንድ ምሽት ለአማቼ የከፈትኩለት የማጂድ ማጂዲ «የሰማይ ልጆች» ነው። ኢራን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 89 ደቂቃ ብቻ ነው። ለኦስካር ታጭቶ በጣሊያኑ «ሕይወት ውብ ናት» የተሸነፈ ፊልም ነው፤ ይህን ለአማቼ አልነገርኩትም። የተሸለመም ያልተሸለመም ፊልም ሲባል «አስተማሪ ነው ማለት ነው?» ብሎ ይጠረጥራል።

ፊልሙ የሚከፈተው በአንድ ጫማ ሰፊ እጅ ነው። የተዋናዮቹ ስም እየተጻፈ፣ እጁ አንዲት ያረጀች ሮዝ የልጅ ጫማ ይሰፋል፣ ይለጥፋል፣ ይጠግናል። ለጀማሪ ተመልካች ከዚህ የተሻለ አቀባበል የለም፤ የሚነበብ ሳይኖር ዓይን ተደላድሎ ይቀመጣል። ከዚያ አሊ የሚባለው ልጅ የእህቱን የዛህራን የተጠገነ ጫማ ይዞ ድንች ሊገዛ አትክልት ቤት ይገባል። ጫማውን በፌስታል እንዳለ ደጅ ያስቀምጠዋል። ቁራሌው የምንለው ዓይነት ሰው መጥቶ ቆሻሻ መስሎት ይወስደዋል። ልጁ ይወጣል፤ ጫማው የለም። ይህ ሁሉ የታየ ነገር ነው። ማንም ወደ ትሪው ዞር ቢል፣ ሲመለስ የልጁ ፊት ይነግረዋል።

ማታ ቤት ሲገባ እናት ታማለች፣ የቤት ኪራይ አልተከፈለም፣ አባት ደግሞ ለመስጊድ የሚሄድ ስኳር እየከረከመ ነው። አሊ ለእህቱ የሆነውን መንገር አለበት፤ ወላጆቹ ግን መስማት የለባቸውም። ምን አደረጉ? ደብተር አውጥተው የቤት ሥራ የሚሠሩ መስለው እየተጻጻፉ ተነጋገሩ። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ያነባል፤ እሱ ይጽፋል፣ እሷ ታነባለች። የፊልሙ ትልቁ ምስጢር በጽሑፍ የተነገረ ስለሆነ፣ ቴህራን ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ፋርስኛ ተናጋሪም ከስክሪኑ ላይ ማንበብ ነበረበት። እዚህ ቦታ ላይ አማቼን በጎን አየሁት። ሳያጉረመርም አነበበ። ልጆቹ እያነበቡ እሱ «አላነብም» ማለት አሳፍሮት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ለኢትዮጵያ ተመልካች የተሠራ ነው ቢባል አምናለሁ። ዛህራ የጠዋት ፈረቃ ናት፣ አሊ የከሰዓት። ያለው አንድ የእሱ ሸራ ጫማ ብቻ ስለሆነ እሷ በጠዋት አድርጋው ትሄዳለች። ትምህርቷን ስትጨርስ በጠባቡ መንገድ ሮጣ ትመጣለች፤ እሱ ግድግዳ ተጠግቶ በነጠላ ጫማ ይጠብቃታል፤ ይቀያየራሉ፤ እሱ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ይፈተለካል። ያረፍዳል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ይጠብቀዋል። አውሮፓዊ ተመልካች አንድ ትምህርት ቤት ለምን ለሁለት እንደሚከፈል ማስረዳት ሊያስፈልገው ይችላል። በፈረቃ ለተማረ ሰው ግን ምን ሰብታይትል ያስፈልገዋል? ወላጅ አምጣ መባልንስ ማን ይተረጉምልናል? ሰብታይትሉ የሚከብደው ቋንቋው ላይ ሌላ ዓለም ሲጨመርበት ነው። ኑሮውን የምናውቀው ሰው ሲያወራ ግማሹን ሳናነብ እናውቀዋለን። ስለዚህ ፊልም ስትመርጡ የተመልካቹን የልጅነት ሠፈር ጠይቁ። 

የስኳሩ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ዛህራ ለአባቷ ሻይ ታቀርባለች። አባት ፊቱ ስኳር ተከምሮ ሳለ ከቤቱ ስኳር እንድታመጣለት ይጠይቃል፤ ያኛው የመስጊዱ አደራ ነዋ። እህቴ በዚህ ጊዜ ከኩሽና ወጥታ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የታለ?» አለች። አማቼ «ዝም በይ፣ ያመልጠኛል» አላት። ይህን አረፍተ ነገር እባካችሁ ልብ በሉልኝ።

በዚያ ምሽት ነገሩ እንዲሳካ ቀን የተሠራ ሥራ ነበር። ሰብታይትል ጠልተው የቀሩ ብዙ ሰዎች የጠሉት የተበላሸ ሰብታይትል ነው ብዬ አምናለሁ። ተዋናዩ አፉን ዘግቶ ጽሑፉ የሚናገር፣ ወይም ሴትዮዋ አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ ለምን እንዳለቀሰች የሚነግር ፋይል ማንንም ያስመርራል። ስለዚህ ሰው ከመምጣቱ በፊት ፊልሙን ሦስት ቦታ፣ መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው ላይ ከፍቶ ንግግሩና ጽሑፉ መግጠማቸውን ማየት ነው። በሦስቱም ቦታ በእኩል ከዘገየ ወይም ከቀደመ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ G የሚለው ቁልፍ ጽሑፉን ያስቀድመዋል፣ H ያዘገየዋል። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እያደር የሚራራቅ ከሆነ ግን ቁልፍ ብትደበድቡ ዋጋ የለውም። ፋይሉ በሰከንድ 25 ምስል ለሚሄድ ቅጂ ተሠርቶ የእናንተው ፊልም በሰከንድ 24 ገደማ ይሄዳል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት 89 ደቂቃ በሚፈጅ ፊልም መጨረሻ ላይ ከሦስት ደቂቃ ይበልጣል። ጽሑፉ በፊልሙ መጨረሻ ያለውን ሩጫ ጨርሶ ልጁን ቤቱ ሲያደርስ፣ ሯጮቹ ገና ይሰለፋሉ። ሌላ ፋይል ፈልጉ።

ፊደሉን ማተለቅ፣ ጥቁር ጠርዝ እንዲኖረው ማድረግም አይዘንጋ፤ ነጭ ፊደል ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ማንበብ አይቻልም። መነጽር ያለው ሰው መነጽሩን ያድርግ። ይህን ለአማቼ በቀጥታ መናገር ስለማይቻል እህቴ መነጽሩን ከቡናው ጋር አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው። እራቱ ደግሞ ከፊልሙ በፊት ተበላ። ይህ በእኔ አስተያየት ከፊልሙ ምርጫ ቀጥሎ ትልቁ ነገር ነው። በፊልሙ ጊዜ ፈንዲሻ ይፈቀዳል፤ እጅ ሳይታይ አፍ ያገኛልና።

አንድ ነገር የተከለከለ ነበር፦ ጮክ ብሎ ማንበብ። የእህቴ ትንሿ ልጅ እንግሊዝኛ ማንበብ የቻለች ሰሞን ስለነበር «እኔ ላንብብላችሁ» ብላ ተነሥታ ነበር። ጆሮ ሁለት ነገር ከሰማ ዓይን ሥራውን ይለቅቃል። በእርግጥ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት ካሉ ይህ ሁሉ ብልሃት አይሠራም። እሳቸውን ጥግ አስቀምጦ ፊልም መክፈት ነውር ነው። ለዚያ ምሽት ትርጉም ፊልም አለላችሁ፤ ሰብታይትሉ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ፊልሙ መያዙን የምታውቁት በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው። «ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ከበዛ ጽሑፉ ፈጥኖበታል። ስልኩን ካነሣ ፊልሙ ለቅቆታል። ስልኩ በርቶ ካላነሣው ግን ጨርሳችኋል። የአማቼ ስልክ ዛህራ ትልቁን ሸራ ጫማ እያንሸዋለለች ስትሮጥ ጫማው ወልቆ ቦይ ውስጥ የገባ ጊዜ ጠራ። ውኃው ጫማውን ይወስደዋል፣ ልጅቷ ቦዩን ተከትላ ትሮጣለች፤ እሱም አንገቱን አስግጎ ስልኩን ትራሱ ሥር ከተተው። እዚያ ቦታ ላይ የሚነበብ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

መጨረሻ አካባቢ የትምህርት ቤቶች ሩጫ አለ። የሦስተኛው ሽልማት አዲስ ሸራ ጫማ ስለሆነ አሊ መሮጥ የፈለገው ሦስተኛ ለመውጣት ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ ለእሱ ዋጋ የላቸውም። ማን እንደሚቀድም አልናገርም። አማቼ ግን ያን ጊዜ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። «ቀስ በል! ቀስ በል አንተ ልጅ!» እያለ ይጮኻል። በዚህ ቤት ከኃይሌና ከቀነኒሳ ጊዜ ጀምሮ ስንት ሯጭ «ሂድ! ሂድ!» እየተባለ ተሸኝቷል፤ ቀስ በል የተባለ ግን እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ፊልሙ ሲያልቅ አማቼ ሰብታይትል እንደማይወድ በድጋሚ አስታወቀን። «ይኼኛው ግን ጽሑፍ የለውም ማለት ይቻላል» አለ። አለው። አልተከራከርኩትም፤ እናንተም አትከራከሩ። ልጁ በማግስቱ «መለያየት»ን ሊከፍትበት ሲል ከእጁ የቀማሁት ለዚህ ነው። ሁለተኛውን ራሱ ይጠይቅ ብዬ ጠበቅሁ። ጠየቀም፦ «የዚያ ሰውዬ ሌላ ፊልም አለው?»

አለው። ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ አንድ ዓይነ ስውር ልጅ «የገነት ቀለም» የሚባል ፊልም አውጥቷል። 90 ደቂቃ ነው፤ ንግግሩም ጥቂት ነው። ብቻ ለበዓል ቀን አትክፈቱት፤ ያስለቅሳል።